ሃያ አንድ እና ዘጠና ሁለት

የባለቤቴ እህትና እኔ በአንድ ጥር ነው የወለድነው። የሷ ልጅ የኔን የምትበልጣት በጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ከአራስ ቤት ጀምሮ እየተነጻጸሩ አደጉ። ማን ቀድማ ተቀመጠች፣ ማን ቀድማ ጥርስ አወጣች፣ ማን ቀድማ ሄደች ሲባል ኖረ። ቀድማ የሄደችው የኔ ልጅ ናት። ይህን የማስታውሰው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሰው የሚያስታውሰው የዚያችኛዋን ጉንጭ ነው።

ጉንጯ በእርግጥ የሚረሳ አይደለም። ቤታቸው ኢምፔሪያል አካባቢ ነው፤ አማቴም የሚኖሩት እዚያው ከልጃቸው ጋር ነው። እሁድ እሁድ ሁላችንም ምሳ እዚያ እንበላለን። ገና ከበር ስንገባ የመጣ እንግዳ ሁሉ ልጅቷን ጎተት አድርጎ ጉንጯን ቆንጠጥ ያደርጋል፤ «እንዴት አምሮባታል! ድንቡሽቡሽ!» ይላታል። ቀጥሎ ዓይኑ ከኔ ልጅ ላይ ያርፋል። እዚያ ጋ ሁልጊዜ ትንሽ ዝምታ አለች። ከዝምታዋ በኋላ «ይቺ ደግሞ ረዘም አለች» ይባላል። ደጋግ የሆኑት ናቸው እንዲህ የሚሉት። አማቴ ግን ፊት ለፊት ተናጋሪ ናቸው።

«ልጄ፣ እናንተ ቤት ምግብ አይበላም እንዴ?» ይሉኛል፤ በልጄ ክንድ ላይ ጣታቸውን ጠቅልለው እያሳዩኝ።

«ትበላለች እማዬ፤ ተፈጥሮዋ ነው።»

«ተፈጥሮ! ያቺም እኮ የኔው የልጅ ልጅ ናት።»

እስቃለሁ። ሳቄ እስከ መኪና ማቆሚያው እንኳ አይደርስም።

የምሠራው ቦሌ ለሚ፣ ለውጭ ገበያ የልጆች ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሜትር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ትከሻ፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት እለካለሁ። ልብሱ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ዕድሜ ነው፤ «የዘጠኝ ዓመት» ይላል። የዘጠኝ ዓመቱን ሱሪ በያዝኩ ቁጥር ልጄን አስባለሁ። ቁመቱ ልክ ይሆናታል፤ ወገቡ ግን ይሰፋታል። ከዚያ ደግሞ ያቺኛዋን አስባለሁ፤ ሱሪውን ጥብቅ አድርጋ ስትሞላው ይታየኛል። ሥራ ላይ ሆኜ፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ በጨርቅ ቀንቻለሁ።

ቅናቴ በልጆቹ ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር። የባለቤቴ እህት ነገር ሁሉ ሳትለፋ የሚሳካላት ዓይነት ሴት ናት። ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ የራሷ ቢሮ አላት፤ መኪናዋን ራሷ ትነዳለች፤ እናቷ እቤቷ ተቀምጠው ልጇን ያጎርሱላታል። እኔ ደግሞ ገና ሳይነጋ ሰርቪስ እጠብቃለሁ። ስመለስ ልጄ የቤት ሥራዋ ላይ አቀርቅራ አገኛታለሁ፤ ምሳ ዕቃዋን ስከፍተው ግማሹ እንዳለ ነው።

ሁለቱም ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ጊዜ ልደታቸው የባለቤቴ እህት ቤት አንድ ላይ ተከበረ። ልጆቹ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሚዛን አግኝተው እየተንጫጩ ተራ በተራ ይወጡበት ጀመር። አንዱ እንግዳ የበሩ መቃን ላይ ቁመታቸውን በእርሳስ አሰመረላቸው። እኔም ሜትሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለካሁላቸው፤ ጨዋታ መስሎ። የሁለቱን ክብደትና ቁመት በልቤ ያዝኩና ጓዳ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ።

ቢኤምአይ የሚባለውን ነገር ሰምቼ አውቃለሁ። ክብደት በኪሎ ይወሰድና በሜትር በተለካው ቁመት ይካፈላል፤ የተገኘው እንደገና በቁመቱ ይካፈላል። ስልኬ ላይ ያገኘሁት ማስያ ክብደትና ቁመት ብቻ ጠየቀኝ። የልጄን አስገባሁ። አሥራ አራት ከምናምን አለና ገጹ ቀላ። «እጅግ ከሚገባው በታች» ይላል። የዚያችኛዋን አስገባሁ። ሃያ አንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቁጥር መጣ፤ አረንጓዴ። «ጤናማ»።

ያን አረንጓዴ ዛሬም አልረሳውም። እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው አፍ ነው ብዬ እጽናና ነበር። አሁን ግን ስልኩም መሰከረባት መሰለኝ። ሳሎን ስመለስ የባለቤቴ እህት ኬኩን እየቆረሰች ነበር፤ ለልጄ ትልቁን ቁራሽ ሰጠቻት። ደግነት መሆኑን እያወቅሁ እንኳ እንደ ምጽዋት ቆጠርኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በምግብ ጦርነት አለፉ። ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ እሱ ላይ እንቁላል፣ ማታ ወተት፣ ዳቦ ላይ የለውዝ ቅቤ። ልጄ ምግቧን የምትወድ፣ ግን ስትጠግብ የምታቆም ልጅ ነበረች። ያን ማቆሟን ነው የጠላሁት።

«እማ፣ ሞላ» ትለኛለች ሆዷን ይዛ።

«ሁለት ጉርሻ ብቻ።»

«ሊወጣ ነው።»

«አይወጣም፤ ዋጪው።»

አንዳንዴ ይወጣል። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ይነሳና በረንዳ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ብቻ ነው የተናገረው፤ «ልጅቷ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፊቷ ይለወጣል፤ አላየሽም?» አለኝ። «እህትህ ልጅዋን እንዴት እንዳሳደገች አላየህም?» አልኩት።

የትንሣኤ በዓል ካለፈ በኋላ የባለቤቴ እህት ደወለችልኝ። ልጇን ዋና ልታስመዘግብ ነው፤ የጤና ምርመራ ተጠይቃለች፤ ቦሌ ያለች አንዲት የሕፃናት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዛለች። «ያንቺንም ሐኪም ይያት ስትዪ አልነበር? ነይ አብረን እንሂድ፤ እኔ መጥቼ እወስዳችኋለሁ» አለች።

ዋና። እኔ ልጄ ሁለት ጉርሻ እንድትጨምር ስለማመጥ እሷ ዋና ታስተምራለች። ግን እሺ አልኩ፤ ምክንያቱም የፈለግሁት ነገር ነበር። ፋብሪካችን ውስጥ ያሉ እናቶች የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ እያሉ የሚያወሩትን ከሐኪም እጅ ማግኘት እፈልግ ነበር። በሚቀጥለው ጥር የኔም ልጅ ጉንጭ እንዲኖራት።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ልጆቹን ጫማና ጃኬት አስወልቃ መዘነቻቸው። ቁመታቸውን ስትለካ ተረከዛቸውን ግድግዳው ላይ አስጠጋች፣ ቀጥ ብለው ፊት ለፊት እንዲያዩ አገጫቸውን በጣቷ አስተካከለች፤ ሁለት ሁለት ጊዜ ለካች። ሜትር የሚይዝ ሰው ነኝና አለካኳ ደስ አለኝ። የኔ ልጅ ሃያ ስድስት ኪሎ፣ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሁለት። የሷ ልጅ ሠላሳ ስምንት ኪሎ፣ አንድ ሜትር ከሠላሳ አራት። ሠላሳ ስምንት ስትል ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

ሐኪሟ ከኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ዘመዳሞች መሆናችንን ስትሰማ «አንድ ላይ ልያቸው ወይስ ለየብቻ?» ብላ ጠየቀች። የባለቤቴ እህት «ምን ምስጢር አለን፤ አብረን እንገባለን» አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ሐኪሟ የትውልድ ቀናቸውን ጠየቀች። ስነግራት እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ «በኛ ነው በፈረንጅ?» አለች።

«በኛ።»

«እንኳን ጠየቅሁ። በኛ የተነገረኝን እንደ ፈረንጅ አድርጌ ባስገባው ልጅቷ የአሥራ ስድስት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ሴት ትሆንብኛለች። እዚህ ላይ ደግሞ ዕድሜ ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ይሳሳታል።» ቀኑን ለወጠችና ሴት የሚለውን መረጠች። ስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እየወጡ የሚሄዱ ጠመዝማዛ መስመሮች መጡ። ሁለት ነጥቦች ተራ በተራ አረፉ። የመጀመሪያዋ ታች፣ ሁለተኛዋ ላይ።

«የእርስዎ ልጅ ሃያ አንደኛው ፐርሰንታይል ላይ ናት» አለችኝ። ወደ ባለቤቴ እህት ዞራ ደግሞ «የእርስዎ ዘጠና ሁለተኛው ላይ።»

«ዘጠና ሁለት!» አለች የባለቤቴ እህት እጇን አጨብጭባ። ልጇን አቅፋ ግንባሯን ሳመቻት። «የኔ ጎበዝ! ለእማዬ ልደውልላት።» ስልኳን አውጥታ ነበር።

ሃያ አንድ። ከመቶ ሃያ አንድ ያመጣች ልጅ ክፍል ትደግማለች። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፤ እሷም ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት ነበር የሰማችው። «እማ፣ ወደቅሁ?» አለችኝ በሹክሹክታ። በዚያች ቅጽበት የባለቤቴን እህት፣ ስልኳን፣ የመኪናዋን ቁልፍ፣ ሁሉንም ጠላሁ።

ሐኪሟ የልጄን ጥያቄ ሰምታለች። ወንበሯን ወደሷ አዞረች።

«አልወደቅሽም። ይሄ ፈተና አይደለም፤ ሰልፍ ነው። ልክ እንዳንቺ ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወር የሆናቸው መቶ ሴት ልጆች ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ተሰልቶ በሚወጣው ቁጥር ከትንሹ ወደ ትልቁ ቢሰለፉ፣ ሃያ አንድ ያህሉ ካንቺ ያንሳሉ፤ ሌሎቹ ይበልጣሉ። ያለሽው ሰልፉ ውስጥ ነው።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። «መቶ የሚመጣበት አይደለም። ከአምስተኛው መስመር በላይና ከሰማንያ አምስተኛው በታች ያለው ሰፊ ቦታ ሁሉ ጤናማ የሚባለው ነው። ከአምስተኛው በታች ሲሆን ከሲታነት አለ እንላለን። ከሰማንያ አምስት ጀምሮ እስከ ዘጠና አምስት ያለው ደግሞ ከልክ ያለፈ ክብደት የሚባለው ነው። ዘጠና አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው።»

የባለቤቴ እህት ስልኳን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

እኔ ግን አላመንኩም። ስልኬን አውጥቼ ማስያውን ከፈትኩና ለሐኪሟ ዘረጋሁላት። «ይሄ የኔን ቀይ ነው ያለው። የሷን አረንጓዴ።»

አየችውና አልሳቀችም። «ይሄ የአዋቂ ነው። ዕድሜ ጠይቆዎታል?»

«አልጠየቀኝም።»

«ፆታስ?»

«እሱንም።»

«ለኛ ለአዋቂዎች አንድ ቁጥር ይበቃል፤ አድገን ጨርሰናል። ልጆች ግን ሰውነታቸው በየዓመቱ ይለወጣል፤ ሴትና ወንድም አንድ ዓይነት አይሄዱም። የልጅዎ ቢኤምአይ አሥራ አራት ነጥብ ዘጠኝ ነው። ይሄው ቁጥር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ ቢመጣ ከአምስተኛው መስመር በታች ነውና እኔም እደነግጥ ነበር። በዘጠኝ ዓመቷ ግን ደህና ነው። የዚህችኛዋ ሃያ አንድ ቢኤምአይም ለእናቷ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ከፍ ይላል።»

እዚያ ላይ የተሰማኝን እንዲህ ነው ብዬ ልናገር። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተፈታ፤ ቀጥሎ ሌላ ነገር ብድግ አለ። ደስታ ነው። ልጄ ደህና በመሆኗ ብቻ የመጣ ደስታ አልነበረም። ያ አረንጓዴ ውሸት ሆኖ በመገኘቱ ነው። ፊቴ እንዳይታይብኝ ቦርሳዬ ውስጥ መሀረብ መፈለግ ጀመርኩ።

ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም። ሐኪሟ የኔን ልጅ ጉዳይ በአጭሩ ጨረሰችው። በፊት የተመዘነችበትን ጠየቀችኝ፤ በሰባትና በስምንት ዓመቷ ትምህርት ቤት የተለካችውን ስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼ ይዤው ነበር። ሁለቱንም ነጥብ አስቀመጠችና በጣቷ ተከተለቻቸው። «ይኸው፣ በራሷ መስመር አካባቢ ነው የምትሄደው። ቁመቷም በደንብ እየጨመረ ነው። ከስልሳ ወርዳ ሃያ አንድ ላይ ብትገኝ ለምን ብዬ እመረምር ነበር።» ሽሮፑን ስጠይቃት «ለጤነኛ ልጅ ምን ይሠራል? ስትጠግብ የምታቆም ልጅ ዕድለኛ ናት፤ አያስገድዷት» አለችኝ። ልጄ ይህን ስትሰማ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

የቀረው ጊዜ ሁሉ የነዚያኞቹ ሆነ። ሐኪሟ የልጅቷን ደረት አዳመጠች፣ የደም ግፊቷን ለካች፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ቤተሰቡ ጤና ጠየቀች። የባለቤቴ እህት ታለቅሳለች ወይም ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምናልባትም ተመኝቼ። እሷ ግን ጀርባዋን ቀና አድርጋ «ምን ላድርግ?» አለች።

«ይህ ነጥብ ምልክት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። አጥንተ ሰፊ ልጅም ከፍ ሊልባት ይችላል፤ ነጥቡ ብቻውን ስብና ጡንቻ አይለይም። ለማክሳት ምግብ አንቀንስባትም፤ እያደገች ነው። ክብደቷ የሚጨምረው ቀስ ካለ ቁመቷ ይደርስበታል። ለስላሳና ብስኩቱን ቀንሱ፣ በየቀኑ ትጫወት። ዋናው ጥሩ ሐሳብ ነው። ከስድስት ወር በኋላ እንያት። እቤት ግን ስለ ውፍረቷ እሷ ፊት አይወራ።»

«ዋናውን ስለምትወድ ነው ያመጣኋት» አለች የልጇን ጀርባ እያሻሸች። ልጅቷም «መጥለቅ እችላለሁ» አለች። ሐኪሟ ሳቀችላት። ከኔ ይልቅ እሷ የተሻለች ወላጅ ሆና ታየችኝ፤ ዘጠና ሁለቱን ይዛ እንኳ።

በሚቀጥለው እሁድ ምሳ ላይ አማቴ እንደ ልማዳቸው የልጅቷን ሳህን ሲቆልሉ የባለቤቴ እህት እጃቸውን ያዝ አደረገች።

«እማዬ፣ ራሷ ታውጣ። ከበቃት ይብቃት።»

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

ልጆቹን ግቢ እንዲጫወቱ ላከቻቸውና ለእናቷ ሐኪሟ ያለችውን ነገረቻቸው። አማቴ አዳመጡ፤ ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ማን ነው የወሰዳት? አንቺ ነሽ አብረሽ የሄድሽው። ልጄ፣ ዘመድ በዘመዱ እንዲህ አይቀናም። ያማረች ልጅ ዓይን ገባባት።»

ባለቤቴ «እማዬ!» አለ። የወሰደችን እሷ ናት ማለት እችል ነበር። ቅናት ነው ማለታቸው ግን ልክ ነበር፤ ስለዚህ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

መልሱን የሰጠችው የባለቤቴ እህት ናት። «የወሰድኳት እኔ ነኝ። ቅናት ካልሽ ደግሞ የቀናሁት እኔ ነኝ» አለች። ወደ እኔ ሳታይ፣ አሁን ግን ለእኔ ቀጠለች፤ «ልጅሽ አጥሩ ላይ ስትወጣ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ ሳይ፣ ልጄ ከታች ቆማ ስታያት፣ ሆዴ ይቃጠላል። ዋና ያስገባኋት ለምን ይመስልሻል? የምትበልጥበት አንድ ነገር እንዲኖራት ነው።»

አማቴ እንጀራቸውን ቆረስ አድርገው ሳይጎርሱ ያዙት። እኔ ያኔ የተሰማኝ እፎይታ አልነበረም። ያን ያህል ዓመት ብቻዬን የተሸከምኩት የመሰለኝን ነገር እሷም መሸከሟ፣ ይባስ ብሎ እንዲህ ፊት ለፊት ቀና ብላ መናገር መቻሏ ነበር የከነከነኝ። በዚህም ቀናሁባት።

ቢሆንም ብዙ ነገር ተለወጠ። እቤት ጉርሻ መለመን አቆምኩ። ልጄ መጀመሪያ ሰሞን ተጠራጠረችኝ፤ ሳህኗ ላይ ተርፎ ስትነሳ ዞር ብላ ታየኛለች። ስትረጋጋ ምሳ ዕቃዋ ባዶ ሆኖ መመለስ ጀመረ፤ በየቀኑ አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ። አማቴ ይቅርታ የሚባል ነገር አላሉኝም። እንግዳ መጥቶ የልጆቹን ጉንጭ ሊቆነጥጥ ሲል ግን «ተዉአቸው፤ ልጆች እኮ ናቸው» ማለት ጀምረዋል፤ ስለ ልጄ ክንድም ከዚያ ወዲህ አላነሱም።

ከስድስት ወር በኋላ ሐኪሟ ጋ አብረን ተመለስን። የባለቤቴ እህት ልጅ ቁመቷ ጨምሯል፤ ክብደቷ ብዙም አልጨመረም። ነጥቧ ወደ ሰማንያ ስምንት ወርዶ ተቀመጠ። «ገና ከሰማንያ አምስት በላይ ናት፤ አቅጣጫው ግን የምፈልገው ነው» አለች ሐኪሟ፤ ደስ ብሏታል። የኔ ልጅ ነጥብ ሃያኛው አካባቢ ነው።

«አልተንቀሳቀሰችም?» አልኩ ድምፄ ውስጥ ቅሬታ እየተሰማኝ።

«ቁመቷም ክብደቷም ጨምሯል። መስመሯን ግን አልለቀቀችም። እኔ ከልጆች የምፈልገው ይህንን ነው።»

እሺ አልኩ፤ ገብቶኛልም። ግን ውስጤ ያቺኛዋ ስድስት ወር ሙሉ ስትሻሻል የኔ ባለችበት የቀረች መሰለኝ። ነጥብ ወደ ታች ሲወርድም እንደሚያስቀና ያኔ ነው ያወቅሁት። የባለቤቴ እህት በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«ምነው ፊትሽ?» አለችኝ።

«ቀናሁ» አልኳት።

በሳቅ ፈረሰች፤ እኔም ሳቅሁ። ሐኪሟ የቀጣዩን ሰው ስም ስትጠራ ልጆቹ ጫማቸውን ሳያስሩ ኮሪደሩ ላይ መሮጥ ጀምረው ነበር። የሷ ከፊት፣ የኔ ልትደርስባት ከኋላ፤ ነርሷ «ቀስ! ቀስ በሉ!» እያለች።